ገደብ ያለበት የአደራደር ጥያቄ፦ የቱ ጋ ይባዛል፣ የቱ ጋ ይደመራል?

ከታተመ ወረቀት ላይ በስልክ ፎቶ የተነሳ ጥያቄ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ከ0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 አሃዞች፣ አንድም አሃዝ ሳይደገም፣ ከ3000 የሚበልጡ ስንት ባለ 4 አሃዝ ተጋማሽ ቁጥሮች መመሥረት ይቻላል?»

ሀ) 240   ለ) 280   ሐ) 320   መ) 480

ትክክለኛው መልስ 280 ነው። የቀሩት ሦስት ምርጫዎችም ዝም ብለው የተጻፉ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከአንድ የታወቀ ስህተት ይወጣሉ። ስለዚህ 280 እንዴት እንደመጣ ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎቹ ከየት እንደመጡም እናያለን። የሚያምታታው ስሌቱ አይደለም። የቱን ከየቱ ጋር ማባዛት፣ የቱን ከየቱ ጋር መደመር እንዳለብን መወሰኑ ነው።

መጀመሪያ ፎቶውን በደንብ ማንበብ

ጥያቄውን ከስልኩ ወደ ወረቀት ገልብጡት። ስክሪን እያዩ ሲሠሩ ዓይን ቁጥሮቹን ይይዝና ቃላቱን ያልፋቸዋል። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ደግሞ መልሱን የሚለውጡት ቃላቱ ናቸው።

በተለይ ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። አንደኛው የአሃዞቹ ዝርዝር ነው። 0 ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ስለሚሆን ፎቶው ሲቆረጥ አብሮ ይቆረጣል። 0ን ሳያዩ ከ1 እስከ 6 ብለው የሠሩ ሰዎች መልሳቸው 120 ይሆናል። 120 ደግሞ ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። ያገኛችሁት መልስ ምርጫ ውስጥ ከሌለ፣ ስሌቱን ከመፈተሻችሁ በፊት ንባቡን ፈትሹ።

ሁለተኛው «ሳይደገም» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ባይኖር ጥያቄው ጭራሽ ሌላ ጥያቄ ነው። ያኔ ለሺህ ቤት 4 ምርጫ፣ ለመቶ ቤት 7፣ ለአስር ቤት 7፣ ለአንድ ቤት 4 ይኖራል። 4 × 7 × 7 × 4 = 784። ከዚህ ውስጥ አንዱ ራሱ 3000 ነው። ጥያቄው «ከ3000 የሚበልጡ» ስለሚል እሱን ስናወጣው 783 ይቀራል። በእኛ ጥያቄ ግን 3000 አያሳስበንም፤ 0 ሦስት ጊዜ ስለሚደገም ድሮውንም አይቆጠርም።

ፎቶው ደብዝዞ ቃሉ ካልተነበበ ባትገምቱ ይሻላል። እንደገና ይነሳ። ያ ካልተቻለ፣ በሁለቱም ንባብ ሠርታችሁ የትኛው መልስ ምርጫ ውስጥ እንዳለ ተመልከቱ።

አራት ሳጥን፣ ሁለት ገደብ

አሁን አራት ሳጥን ሣሉና በላያቸው ሺህ፣ መቶ፣ አስር፣ አንድ ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በየሳጥኑ ስር ምን መግባት እንደሚችል አስቀምጡ።

ሺህ ቤት፦ 3፣ 4፣ 5፣ 6
አንድ ቤት፦ 0፣ 2፣ 4፣ 6
መቶ እና አስር ቤት፦ ከቀሩት ማንኛውም

የሺህ ቤቱ ዝርዝር የመጣው «ከ3000 የሚበልጡ» ከሚለው ነው። በ3 የሚጀምርና አሃዝ የማይደገምበት ማንኛውም ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ከ3000 ይበልጣል። ከእኛዎቹ ትንሹ 3012 ነው። 0 የሺህ ቤት ላይ መግባት እንደማይችልም በዚያው ተፈታ፤ ለብቻው ገደብ አድርገን መያዝ የለብንም። የአንድ ቤቱ ዝርዝር የመጣው ደግሞ «ተጋማሽ» ከሚለው ነው።

ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን እዩአቸው። 4 እና 6 ሁለቱም ዝርዝር ውስጥ አሉ። የጥያቄው ክብደት በሙሉ ያለው እዚህ ነው። 4 ወይም 6 የሺህ ቤት ላይ ከገባ፣ የአንድ ቤቱ አንድ አማራጭ ያጣል። 3 ወይም 5 ከገባ ግን የአንድ ቤቱ ምንም አያጣም። በወረቀታችሁ ላይ 4 እና 6ን በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ክበቡአቸው።

ማባዛት ከየት መጣ?

ማባዛትን እንደ ደንብ ብቻ የያዘ ሰው የት እንደሚያቆም አያውቅም። ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ለጊዜው የሺህ ቤቱ 3፣ የአንድ ቤቱ 0 ነው እንበል። ቁጥሩ 3 _ _ 0 ይመስላል። የቀሩን አሃዞች 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 6 ናቸው። የመቶ ቤቱ ላይ 1ን ብናስገባ 3120፣ 3140፣ 3150፣ 3160 እናገኛለን። አራት ናቸው። 2ን ብናስገባ 3210፣ 3240፣ 3250፣ 3260። እነዚህም አራት ናቸው። 4ን፣ 5ን ወይም 6ን ብናስገባም እንዲሁ አራት አራት ይወጣል። በድምሩ 4 + 4 + 4 + 4 + 4 ይሆናል። ይህንን ነው በአጭሩ 5 × 4 = 20 የምንለው።

እንግዲህ ቆጠራ ሁሌም መደመር ነው። ማባዛት የምንችለው የምንደምራቸው ቁጥሮች እኩል ሲሆኑ ነው። መቶ ቤቱ ላይ የትኛውንም ብናስገባ አስር ቤቱ ላይ የሚቀረው ምርጫ ብዛት አራት ነው። አሃዞቹ ራሳቸው ይለያያሉ፤ ብዛታቸው ግን አይለያይም። የሚያስፈልገን ደግሞ ብዛቱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ምርጫዎቹ ስለተቀየሩ ማባዛት አይቻልም» ብሎ ይጠራጠራል። ይቻላል። የማይቻለው ብዛቱ ሲቀየር ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሳጥን ከመሙላታችሁ በፊት ይህንን ጥያቄ ጠይቁ፦ እስካሁን የመረጥኩት የትኛውም ቢሆን፣ እዚህ ሳጥን ላይ የሚኖረኝ ምርጫ ብዛት ያው ነው? አዎ ከሆነ ይባዛል። «እንደ መረጥኩት ይወሰናል» የሚል መልስ ከመጣ ማባዛቱን እዚያው አቁሙ።

ከግራ ወደ ቀኝ ብንሄድስ?

ብዙዎች የሚጀምሩት ከግራ ነው። ሺህ ቤት 4 ምርጫ አለው። መቶ ቤት ከቀሩት 6፣ አስር ቤት ከቀሩት 5። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። አንድ ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ስንት ተጋማሽ አሃዝ ቀረ? ከፊት 3፣ 1፣ 5 ከገቡ አራቱም አሉ። 4፣ 2፣ 0 ከገቡ 6 ብቻ ቀርቷል። 4፣ 6፣ 1 ከገቡ ሁለት ቀርተዋል። መልሱ «ይወሰናል» ነው።

ይህ የሆነው ገደብ የሌላቸውን ሳጥኖች ቀድመን ስለሞላን ነው። መቶና አስር ቤት ማንኛውንም አሃዝ ስለሚቀበሉ የአንድ ቤቱን አማራጮች እየወሰዱ ይሄዳሉ። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ገደብ ያለባቸውን ሁለቱን ሳጥኖች አስቀድሙ፤ ነፃዎቹን መጨረሻ ላይ ሙሉ። ቁጥሩን የምናነበው ከግራ ስለሆነ ብቻ ከግራ መሙላት የለብንም።

ሺህን ከዚያ አንድን ብንሞላ፣ ለነፃዎቹ ሁለት ሳጥኖች ሁልጊዜ 5 አሃዝ ይተርፋል። ስለዚህ 5 × 4 = 20 በየትኛውም መንገድ አይለወጥም። የቀረን የሺህና የአንድ ቤት ጉዳይ ነው።

መለያየት

የሺህ ቤቱን አንድ በአንድ እንሂድበት።

በ3 ከጀመረ፣ አንድ ቤት 4 ምርጫ አለው (0፣ 2፣ 4፣ 6)። 4 × 20 = 80።
በ4 ከጀመረ፣ አንድ ቤት 3 ምርጫ አለው (0፣ 2፣ 6)። 3 × 20 = 60።
በ5 ከጀመረ፣ 80።
በ6 ከጀመረ፣ 60።

80 + 60 + 80 + 60 = 280። አለቀ። ምንም የተለየ ዘዴ አልተጠቀምንም። አራቱ ቁጥሮች እኩል ስላልሆኑ አንዱን በ4 ማባዛት አልቻልንም፤ ስለዚህ ደመርናቸው።

ከላይ ያለውን ስታዩ ግን እኩል የሆኑ ሁለት ሁለቶች አሉ። እነሱን እንሰብስባቸው። ኬዝ የምንለው ይህንኑ ነው፦ ብዛታቸው እኩል የሆነውን በአንድ ላይ ማስቀመጥ።

ኬዝ 1፣ ሺህ ቤቱ ኢተጋማሽ ነው (3 ወይም 5)። ሺህ 2 ምርጫ፣ አንድ 4 ምርጫ፣ መሃሎቹ 20።
2 × 4 × 20 = 160

ኬዝ 2፣ ሺህ ቤቱ ተጋማሽ ነው (4 ወይም 6)። ሺህ 2 ምርጫ፣ አንድ 3 ምርጫ፣ መሃሎቹ 20።
2 × 3 × 20 = 120

160 + 120 = 280

ኬዝ ውስጥ ለምን አባዛን? አንድ ቁጥር ለመሥራት የሺህ ቤትም፣ የአንድ ቤትም፣ የመሃሎቹም መሞላት አለባቸው። አንዱን ሞልተን ብንተው ቁጥሩ ገና አልተሠራም። እና ኬዙ ውስጥ የምርጫው ብዛት የትም አይለወጥም። እንዲለወጥ ያደርግ የነበረውን ነገር በመለያየት አስወግደነዋል።

ኬዞቹን እርስ በርስ ለምን ደመርን? አንድ ቁጥር ወይ ኬዝ 1 ውስጥ ነው፣ ወይ ኬዝ 2 ውስጥ። 3012 ኬዝ 1 ነው፤ 4012 ኬዝ 2 ነው። ሁለቱም ውስጥ ያለ ቁጥር የለም፤ የትኛውም ውስጥ የሌለም የለም። 160 × 120 ብንል ምን እየቆጠርን ነው? ከኬዝ 1 አንድ፣ ከኬዝ 2 ደግሞ አንድ የሚወስዱ ጥንዶችን፣ ለምሳሌ «3012 እና 4012» አንድ ላይ። ጥያቄው የሚፈልገው ግን አንድ ቁጥር ነው። ግራ ሲገባችሁ ይህንን ተጠቀሙ፦ ሁለት ቁጥሮችን ከማባዛታችሁ በፊት ውጤቱ የሚቆጥረውን ነገር አንድ ምሳሌ ጻፉ። የጻፋችሁት ነገር የጥያቄው መልስ መሆን የሚችል ካልሆነ ማባዛቱ ትክክል አይደለም።

የተሳሳቱት ምርጫዎች ከየት መጡ?

320 የመጣው ከ4 × 4 × 20 ነው። ሺህ 4፣ አንድ 4፣ መሃሎቹ 20 ተባለ። 4 እና 6 የሚጋጩ መሆናቸው ተረሳ። ምን ያህል እንደበለጠ በትክክል ማየት ይቻላል። 4 _ _ 4 እና 6 _ _ 6 የሚመስሉ የማይፈቀዱ ጥንዶች ተቆጥረዋል። እያንዳንዱ ጥንድ ከ20 ጋር ስለተባዛ 2 × 20 = 40 ትርፍ አለ። 320 − 40 = 280። ይሄ ራሱ ሌላ ጥሩ የአሠራር መንገድ ነው፤ መጀመሪያ በልግስና መቁጠር፣ ከዚያ የማይፈቀደውን መቀነስ።

240 የመጣው ከ4 × 3 × 20 ነው። ሠሪው ግጭት እንዳለ አይቷል፤ ግን የሺህ ቤቱ ሁልጊዜ ከተጋማሾቹ አንዱን የሚወስድ መስሎታል። 3 እና 5 ምንም እንደማይወስዱ አላየም። ለእኔ ይህ ስህተት ከ320 ይልቅ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ጥንቃቄ የተደረገበት ይመስላል።

480 ደግሞ 4 × 6 × 5 × 4 ነው። «ተጋማሽ» የሚለው ቃል ጭራሽ አልተነበበም። ይሄ ወደ ፎቶው ይመልሰናል።

ከሌላ በኩል መፈተሽ

ያንኑ ስሌት ደግሞ መሥራት ፈተና አይደለም፤ ያው ስህተት ይደገማል። በሌላ መንገድ ለያዩት። አሁን ከአንድ ቤት ጀምሩ።

በ0 ካለቀ ሺህ ቤቱ አራቱም ምርጫ አለው፦ 4 × 20 = 80። በ2 ካለቀም 80። በ4 ካለቀ ሺህ ቤቱ 4ን አጥቶ 3 ምርጫ ይቀረዋል፦ 60። በ6 ካለቀም 60። 80 + 80 + 60 + 60 = 280። ገጠመ።

ሌላው ፈተና ጥያቄውን ማሳነስ ነው። ከ0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 አሃዞች፣ ሳይደገም፣ ከ19 የሚበልጡ ባለ 2 አሃዝ ተጋማሽ ቁጥሮች ስንት ናቸው? በእጅ መጻፍ ይቻላል፦ 20፣ 24፣ 30፣ 32፣ 34፣ 40፣ 42። ሰባት ናቸው። በኬዝ ደግሞ፦ በ3 ከጀመረ 1 × 3 = 3፤ በ2 ወይም በ4 ከጀመረ 2 × 2 = 4፤ 3 + 4 = 7። የ320ን መንገድ እዚህ ብትሞክሩት 3 × 3 = 9 ይወጣል፤ ትርፎቹ 22 እና 44 ናቸው። የ240ን መንገድ ብትሞክሩት 3 × 2 = 6 ይወጣል፤ ከ30፣ 32 እና 34 አንዱ ጎድሏል። የአሠራር መንገዳችሁን ከተጠራጠራችሁ እንዲህ ባለ ትንሽ ጥያቄ ላይ ፈትኑት። ዝርዝሩ እውነቱን ያወጣዋል።

ገደብ ሲጨመር

ጥያቄው በተጨማሪ «የመቶ ቤቱ ኢተጋማሽ ይሁን» ቢልስ? ሦስት ገደብ ስለሆነ ሦስት ኬዝ ያስፈልጋል ብላችሁ አትቸኩሉ። የኬዙን ቁጥር የሚወስነው የገደቡ ብዛት ሳይሆን ግጭቱ ነው። መቶ ቤቱ 1፣ 3፣ 5ን ይቀበላል። ከአንድ ቤት ዝርዝር ጋር የሚጋራው አሃዝ የለም። ከሺህ ቤት ጋር ግን 3 እና 5ን ይጋራል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚነካው የሺህ ቤቱ ብቻ ነው፤ የቀድሞዎቹ ሁለት ኬዞች ይበቃሉ።

ኬዝ 1፣ ሺህ ቤቱ 3 ወይም 5 ነው። መቶ ቤቱ አንድ አጥቶ 2 ምርጫ፣ አንድ ቤት 4፣ ሦስት አሃዝ ስለተጠቀምን አስር ቤት 4። 2 × 2 × 4 × 4 = 64።

ኬዝ 2፣ ሺህ ቤቱ 4 ወይም 6 ነው። መቶ ቤት 3፣ አንድ ቤት 3፣ አስር ቤት 4። 2 × 3 × 3 × 4 = 72።

64 + 72 = 136።

መደመር የሚያሳስትበት ቦታ

«ወይም» የሚል ቃል ሲያዩ ወዲያው መደመር የተለመደ ነው። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ትንሽ እንለውጠው፦ በዚያው ሁኔታ፣ ከ3000 ከሚበልጡት ውስጥ ተጋማሽ የሆኑ ወይም በ4 የሚጀምሩ ስንት ናቸው?

ተጋማሾቹ 280 ናቸው። በ4 የሚጀምሩት 6 × 5 × 4 = 120 ናቸው። 280 + 120 = 400 ብንል ግን 4012ን ሁለት ጊዜ ቆጠርነው፤ ተጋማሽም ነው፣ በ4ም ይጀምራል። ቅድም ኬዝ 1ን እና ኬዝ 2ን ስንደምር ይህ ችግር አልነበረም፤ አንድ ቁጥር ሁለቱም ውስጥ መግባት አይችልም ነበር። አሁን ይችላል።

የተደራረቡትን እንቁጠር። በ4 ጀምረው ተጋማሽ የሆኑት 3 × 20 = 60 ናቸው። ሁለቴ ስለተቆጠሩ አንዴ እንቀንሳቸዋለን፦ 280 + 120 − 60 = 340።

መቀነሱን ካልወደዳችሁት እንዳይደራረቡ አድርጎ መለየትም ይቻላል። 280ዎቹን ተጋማሾች እንዳሉ ያዙ። በእነሱ ላይ የሚጨመሩት በ4 ጀምረው ኢተጋማሽ የሆኑት ብቻ ናቸው። እነዚህ በ1፣ በ3 ወይም በ5 ያልቃሉ፦ 3 × 20 = 60። 280 + 60 = 340። የተቀነሰውም የተጨመረውም 60 መሆኑ በአጋጣሚ ነው። በ4 ከሚጀምሩት 120 ቁጥሮች ግማሹ ተጋማሽ፣ ግማሹ ኢተጋማሽ ሆኖ ስለተገኘ ነው። በ3 የሚጀምሩ ቢሆን ኖሮ የሚቀነሰው 80፣ የሚጨመረው 40 ይሆን ነበር፤ መልሱም በሁለቱም መንገድ 320 ነው።